«ዠ ለ ልዊ ዶን»፤ በፈረንሳይኛ ከግሥ በፊት ስለሚገቡ ተውላጠ ስሞች ቅደም ተከተል የቀረበ አጭር ትችት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ፈረንሳይኛ ከተማርንባቸው ዓመታት ውስጥ እንደዚህ ያስቸገረን ነገር አልነበረም ለማለት እንደፍራለን። «ይሰጠኛል» ለማለት «ኢል መ ለ ዶን» በሉ ተባልን፤ አልን። ቀጥሎም «እሰጠዋለሁ» ለማለት በዚያው ሥርዓት «ዠ ልዊ ለ ዶን» ብንል መምህራችን በቀይ ቀለም ሠረዙትና «ዠ ለ ልዊ ዶን» ብለው ጻፉበት። ለምን ብለን በጠየቅን ጊዜ የተሰጠን መልስ «ልዩ ደንብ ነው» የሚል ነበር። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ በቂ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የተዘጋጀ ነው።

አስቀድመን ስለ አጻጻፋችን አንድ ቃል እንናገር። የፈረንሳይኛውን ቃላት በራሳችን ፊደል ስለምንጽፍ፥ «ለ» ስንል ተባዕቱን ነጠላ፥ «ላ» ስንል አንስቱን ነጠላ፥ «ሌ» ስንል ብዙውን ማለታችን ነው። እነዚህ ሦስቱ የሚሰጠውን ነገር ያመለክታሉ። «ልዊ» ለአንድ ተቀባይ፥ «ለር» ለብዙ ተቀባዮች የሚነገሩ ናቸው። «መ» እኔን ወይም ለእኔ፥ «ተ» አንተን ወይም ለአንተ፥ «ኑ» እኛን ወይም ለእኛ፥ «ቩ» እናንተን ወይም ለእናንተ ማለት ነው፤ «ሰ» ደግሞ ራሱን ወይም ለራሱ ማለት ነው። የሚሰጠውን ነገር «ተሳቢ»፥ የሚሰጠውን ሰው «ተቀባይ» እያልን እንቀጥላለን።

በእጃችን የገቡት የትምህርት ቤት ሰዋስው መጻሕፍት ይህን ቅደም ተከተል የሚያስረዱት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ በትርጉም ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም «ተቀባዩ ከተሳቢው ይቀድማል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሦስተኛ መደብ የሆኑ እንደ ሆነ ተሳቢው ይቀድማል» ይላል። ሁለተኛው መንገድ በሠንጠረዥ ላይ የቆመ ነው፤ ቃላቱን በአምዶች አሰልፎ፥ በመጀመሪያው አምድ «መ፥ ተ፥ ሰ፥ ኑ፥ ቩ»፥ በሁለተኛው «ለ፥ ላ፥ ሌ»፥ በሦስተኛው «ልዊ፥ ለር» ያኖርና ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉ ይላል። ከእነዚህ ኋላ «ኢ» እና «አን» የሚባሉት ሁለቱ ጥቃቅን ቃላት በዚሁ ተራ ይገባሉ፤ እነርሱ ብዙ ስለማያከራክሩ እዚህ አንመለስባቸውም።

የመጀመሪያው መንገድ ለተማሪ ጆሮ ይጥማል፤ ምክንያት ያለው ይመስላልና። «ኢል መ ለ ዶን» በሚለው «መ» ተቀባይ ነው፤ ቀደመ። «ዠ ለ ልዊ ዶን» በሚለው ሁለቱም ሦስተኛ መደብ ናቸው፤ ስለዚህ ተሳቢው «ለ» ቀደመ። እስከዚህ ድረስ ደንቡ ይሠራል። የሚፈርሰው «ሰ» የሚለው ቃል በመጣ ጊዜ ነው። «ሰ» ያለ ጥርጥር ሦስተኛ መደብ ነው፤ «እርሱ ራሱን» ማለት ነውና። አንድ ፈረንሳዊ «ይህን ነገር ራሱን ይጠይቃል» ለማለት ሲፈልግ «ኢል ሰ ለ ደማንድ» ይላል። እዚህ ላይ ጠያቂውም ተጠያቂውም እርሱው ስለ ሆነ «ሰ» ተቀባይ ነው፤ የሚጠየቀው ነገር «ለ» ተሳቢ ነው። ሁለቱም ሦስተኛ መደብ ናቸው። በደንቡ መሠረት ተሳቢው መቅደም ነበረበት፤ «ኢል ለ ሰ ደማንድ» መባል ነበረበት ማለት ነው። እንደዚህ ግን አይባልም። ተማሪው ደንቡን አክብሮ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

አንዳንዶች ይህን ለማዳን «አንደኛና ሁለተኛ መደብ ከሦስተኛ መደብ ይቀድማል» ይላሉ። ይህም ቢሆን በ«ሰ» ላይ አንዲት እርምጃ አያራምድም፤ ምክንያቱም ሁለት ሦስተኛ መደቦች ሲገናኙ ማን እንደሚቀድም አይናገርም። «ሰ ብቻ ከደንቡ ውጭ ነው» ማለትም ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አስቀድሞ «ልዊ»ን ልዩ አድርጎ፥ ቀጥሎ «ሰ»ን የልዩው ልዩ የሚያደርግ ደንብ፥ ደንብ ሳይሆን የስሕተት መዝገብ ነው።

እንግዲህ ሠንጠረዡ ከትርጉሙ ደንብ የበለጠ ትክክለኛ መሆኑ ታየ። ሆኖም ሠንጠረዥ የሚያሳይ እንጂ የሚያስረዳ አይደለም። «ሰ» ከ«መ»ና ከ«ተ» ጋር በአንድ አምድ የተሰለፈው ለምን ነው? «ለ» እና «ልዊ» ከሰልፉ ወጥተው ለብቻቸው የቆሙት ለምን ነው? በእኛ አስተያየት መልሱ ከመደብ ቍጥር ሳይሆን ከቃላቱ መልክ የሚገኝ ነው። «መ» የሚለው ቃል ተሳቢም ሲሆን ተቀባይም ሲሆን መልኩ አንድ ነው። «ያየኛል» ሲባል «ኢል መ ቯ» ነው፤ «ይሰጠኛል» ሲባልም «ኢል መ ዶን» ነው። «ተ»፥ «ኑ»፥ «ቩ»ም እንዲሁ ናቸው። «ሰ»ም እንደዚሁ ነው፤ ራሱንም ለራሱም በአንድ መልክ ይነገራል። ሦስተኛ መደብ የሆኑት የቀሩት ግን ልብሳቸውን ይለውጣሉ፤ ተሳቢ ሲሆኑ «ለ፥ ላ፥ ሌ»፥ ተቀባይ ሲሆኑ «ልዊ፥ ለር» ይሆናሉ። ስለዚህ ደንቡን በአጭሩ ለመናገር፥ መልካቸውን የማይለዩት ቃላት ፊት ይቆማሉ፤ መልካቸውን የሚለዩት ኋላ ይቆማሉ፤ በመለያዎቹም መካከል ተሳቢው ከተቀባዩ ይቀድማል። ይህ አነጋገር «ሰ»ን ያለ ምንም ልዩ ደንብ ይጨምረዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፤ ይኸውም «ልዩ ነው» የተባለው የትኛው ነው የሚለው ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ «መ ለ» የሚለውን መደበኛ፥ «ለ ልዊ» የሚለውን ልዩ አድርገው ያቀርባሉ። የቋንቋውን ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያያል። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ፥ በመካከለኛው ዘመን ሲጻፍ በነበረው ማለት ነው፥ ተሳቢው ከተቀባዩ በሁሉም መደብ ይቀድም ነበር። «ለ ልዊ» እንደሚባል ሁሉ «ለ መ»፥ «ለ ተ»፥ «ለ ቩ» ይባል ነበር። ዛሬ «ዠ ተ ለ ዶን» የሚባለው ያን ጊዜ «ዠ ለ ተ ዶን» በሚመስል ሥርዓት ይነገር ነበር ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ላይ «መ ለ» የሚለው አዲስ ሥርዓት እየበረታ ሄደ፤ አሮጌውና አዲሱ ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ግን አዲሱ አሸንፎ ጸና።

ለውጡ የነካቸው እነዚያን መልካቸውን የማይለዩትን ቃላት ብቻ ነው። «መ፥ ተ፥ ሰ፥ ኑ፥ ቩ» ወደ ፊት ተሻገሩ፤ «ልዊ»ና «ለር» በቦታቸው ቀሩ። ስለዚህ «ዠ ለ ልዊ ዶን» ከደንብ የወጣ አይደለም፤ ቤቱን ሳይለቅ የቀረ ሽማግሌ ነው እንጂ። ከደንብ የወጡት ሌሎቹ ናቸው። መምህሩ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ኖሮ፥ ቀዩ ቀለም ባልከበደን ነበር።

ለዚህ አባባላችን ከዛሬው ፈረንሳይኛ ውስጥ ምስክር ይገኛል። ምስክሩ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በትእዛዝ ጊዜ ተውላጠ ስሞቹ ከግሡ በኋላ ይከተላሉ። «ስጠው» ለማለት «ዶን ለ ልዊ» ይባላል፤ «ስጠኝ» ለማለትም «ዶን ለ ሟ» ይባላል፤ («ሟ» «መ» ማለት ነው፤ በመጨረሻ ሲቆም ድምፁ ስለሚጠነክር እንዲህ ይሆናል)። በሁለቱም ተሳቢው «ለ» ይቀድማል። እንግዲህ ከግሥ በኋላ አሮጌው ሥርዓት ለሁሉም መደብ እንደ ጸና ቀርቷል ማለት ነው። ትእዛዙ አሉታ በሆነ ጊዜ ግን ተውላጠ ስሞቹ ተመልሰው ከግሡ ፊት ይገባሉና አዲሱ ሥርዓት ይመጣል፤ «አትስጠኝ» ሲባል «ነ መ ለ ዶን ፓ» ይሆናል። አንድ ተማሪ «ዶን ለ ሟ» ካለ በኋላ «ነ ለ መ ዶን ፓ» ቢል፥ ስሕተቱ ከዚህ የመጣ ነው። በአንጻሩ በንግግር «ዶን ሟ ለ» የሚሉ ፈረንሳውያን አሉ፤ እነርሱ ደግሞ አዲሱን ሥርዓት ከግሥ በኋላም ሊያስገቡት የሚሹ ናቸው። የመጻፊያው ቋንቋ ግን ይህን አይቀበልም።

ሠንጠረዡን ከትርጉሙ ደንብ የበለጠ ብናመሰግነውም እርሱም የጎደለው ነገር አለ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛን ያጣል። ሠንጠረዡን የተከተለ ተማሪ ከአንደኛው አምድ «መ»ን፥ ከሦስተኛው አምድ «ልዊ»ን አንሥቶ «ከእርሱ ጋር ያስተዋውቀኛል» ለማለት «ኢል መ ልዊ ፕሬዛንት» ሊል ይችላል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚለውን ትእዛዝ አላፈረሰም። ዳሩ ግን ፈረንሳዊ እንዲህ አይልም፤ «ኢል መ ፕሬዛንት አ ልዊ» ይላል፤ ተቀባዩን ከግሡ በኋላ «አ» በሚለው መስተዋድድ ያወጣዋል። «ወደ አንተ ያቀርበኛል» ለማለትም «መ»ንና «ተ»ን በአንድነት ከግሥ ፊት መደርደር አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱ ወደ ኋላ መውጣት አለበት።

ይህ ክልከላ ቀደም ሲል ካልነው ነገር ጋር የሚዛመድ ሆኖ አግኝተነዋል። «መ» ብቻውን ሲቆም ተሳቢም ተቀባይም ሊሆን ይችላል። ከሌላ ተውላጠ ስም ጋር ሲጣመር ግን ተቀባይ ሆኖ ብቻ ይታወቃል፤ «መ ለ» በሰማን ጊዜ ነገሩ «ለ»፥ ተቀባዩ «መ» መሆኑን ያለ ማመንታት እናውቃለን። «መ ልዊ» ቢባል ግን «ልዊ» ተቀባይ መሆኑ በመልኩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ «መ» ተሳቢ ለመሆን ይገደዳል፤ ያም በጥምረት ጊዜ የማይሰጠው ሥራ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ግርጌ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፤ «ከአንደኛውና ከሦስተኛው አምድ ሁለት ቃላት በአንድ ግሥ ፊት አይገናኙም፤ ከአንደኛው አምድም ሁለት አይወሰዱም» የሚል። በዘወትር ጨዋታ ላይ ተናጋሪው ሰሚውን እንደ ምስክር እየጠራ «ተ»ን ከ«ልዊ» በፊት ጣል ሲያደርግ ይሰማል፤ ያ «ተ» ግን ተሳቢም ተቀባይም ስላልሆነ ደንቡን አያፈርሰውም።

የተናገርነውን በአንድ ምሳሌ እንፈትነው። «ለወንድሜ ደብዳቤውን ጻፍኩለት» የሚለውን አሳብ እንውሰድ። በፈረንሳይኛ ደብዳቤ፥ «ሌትር» ማለት ነው፥ አንስት ነው። በመጀመሪያ ማን ተሳቢ፥ ማን ተቀባይ እንደ ሆነ እንለይ። የተጻፈው ደብዳቤው ነው፤ እንግዲህ ተሳቢው «ላ» ነው። የተጻፈለት ወንድሜ ነው፤ ተቀባዩ «ልዊ» ነው። ሁለቱም መልካቸውን የሚለዩ ናቸውና ተሳቢው ይቀድማል፤ «ላ ልዊ» ይሆናል። ቀጥሎ ግሡ ኃላፊ ጊዜ ስለ ሆነ ረዳት ግሥ ይገባል፤ ተውላጠ ስሞቹም ከረዳቱ ፊት እንጂ ከዋናው ግሥ ፊት አይቆሙም። ስለዚህ «ዠ ላ ልዊ ኤ ኤክሪት» እንላለን። ዓረፍተ ነገሩን አሉታ ብናደርገው አሉታው ሁለቱን ተውላጠ ስሞችና ረዳቱን አቅፎ ይይዛል፤ «ዠ ነ ላ ልዊ ኤ ፓ ኤክሪት» ይሆናል። በመካከላቸው ምንም አይገባም፤ ቅደም ተከተላቸውም አይናወጥም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ምልክት አለ። የግሡ መጨረሻ «ኤክሪ» ሳይሆን «ኤክሪት» ሆኗል። ይህ «ት» የመጣው «ላ» ከግሡ የቀደመ አንስት ተሳቢ ስለ ሆነ ነው። የተጻፈው ነገር ተባዕት ቢሆን ኖሮ «ዠ ለ ልዊ ኤ ኤክሪ» ይባል ነበር። «ልዊ» ግን ወንድም ቢሆን እኅት ቢሆን በግሡ መጨረሻ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ከሁለቱ ተውላጠ ስሞች ተሳቢው የትኛው እንደ ሆነ የተጠራጠረ ተማሪ ግሡን መጠየቅ ይችላል፤ ግሡ የሚታዘዘው ለተሳቢው ብቻ ነውና።

በመጨረሻ ስለ እኛ ስለ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚገባውን እንናገር። ከላይ ያየናቸው ስሕተቶች የፈረንሳይኛውን ቃላት በማገላበጥ የሚመጡ ናቸው። እኛ ግን ከዚያ ይበልጥ የምንሠራው ስሕተት ሌላ ነው፤ «ለ»ን ጨርሶ መርሳት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአማርኛ ግሥ ጫፍ ላይ የሚቀጠለው የተሳቢ ምልክት አንድ ብቻ ነው። «መጽሐፉን ለልጁ ሰጠሁት» ስንል ያ «ት» የሚያመለክተው ልጁን ነው፤ ለመጽሐፉ ሌላ ምልክት አንጨምርም፤ የምንጨምርበትም ቦታ የለም። መጽሐፉንም ልጁንም ሳንጠራ «ሰጠሁት» ብቻ ብንል ሰሚው ሁለቱንም ከነገሩ ይረዳል። ስለዚህ አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ሰጠሁት» የሚለውን በልቡ እያሰበ ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልስ «ዠ ልዊ ኤ ዶኔ» ብሎ ያቆማል፤ ሁሉንም የተናገረ ይመስለዋል። ፈረንሳይኛ ግን «ምኑን?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ «ዠ ለ ልዊ ኤ ዶኔ» ማለት ይገባው ነበርና።

ለዚህ ስሕተት እኛ ብቻችንን እንዳልሆንን ማወቅ ያጽናናል። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ለ» ከ«ልዊ» በፊት ብዙ ጊዜ ይዋጥ ነበር። በ1647 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ፈረንሳይኛ አነጋገር አስተያየቱን ያሳተመው ቮዥላ ይህን መዋጥ እንደ ስሕተት ቈጥሮ ነቅፎታል። ቢነቅፈውም ከአፍ አልጠፋም፤ ዛሬም ፈረንሳውያን በፈጣን ንግግር «ነገርኩት» ለማለት «ለ»ን ትተው «ዠ ልዊ ኤ ዲ» ይላሉ። ሁለት «ለ» የሚመስሉ ድምፆች ተከታትለው ሲመጡ አንደበት አንዱን መብላቱ አያስደንቅም። በጽሑፍና በፈተና ግን ይህ አይፈቀድም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ፈረንሳዊው የት መተው እንደሚችል አውቆ ይተወዋል፤ እኛ ግን መኖሩን ሳናውቅ እንተወዋለን።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ነው። «ተቀባይ ይቀድማል፤ ሦስተኛ መደብ ግን ልዩ ነው» የሚለው ትምህርት በ«ሰ» ላይ የሚወድቅ ስለ ሆነ ከመጻሕፍቱ ቢወጣ መልካም ነው። በእርሱ ፈንታ ሠንጠረዡ፥ ከግርጌው መስመር ጋር፥ ቢሰጥ ተማሪውን አያስተውም። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪም የሚነገረው መልስ አለ፤ መልካቸውን የማይለዩት ወደ ፊት እንደ ተሻገሩ፥ «ልዊ»ና «ለር» ግን በአሮጌው ቦታ እንደ ቀሩ፥ «ዶን ለ ሟ» የሚለው ትእዛዝም የዚያ ዘመን ምስክር መሆኑ ሊነገረው ይገባል። አማርኛ ተናጋሪውን ተማሪ በሚመለከት ደግሞ መምህሩ ስለ ቅደም ተከተሉ ከማስተማሩ በፊት፥ «ሰጠሁት» በሚለው ቃል ውስጥ የተሰወረውን ያልተነገረ ነገር እንዲያወጣ ቢያስለምደው፥ የቀረው ግማሽ ሥራ ይቀለዋል። በቦታው የሌለን ቃል ማሰለፍ አይቻልምና።